በአሶሳ የሽመል ሥራ ያልተነገረ ብልሽትና ያላለቀ ዕቃ ግምት

መግቢያ

በቤኒሻንጉል ጉምዝ ክልል፣ በተለይም በአሶሳ ዙሪያ ያለው ቆላማ ምድር የሽመል አገር ነው። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የደጋው ቀርከሃ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዕፅዋት ሊቃውንት ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ብለው የሚጠሩት የቆላው ሽመል ነው። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፤ የቆላው ግን በተለይ ወደ ግርጌው ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። የበርታና የጉሙዝ ሕዝብ ቤቱንና አጥሩን ይሠራበታል፤ በክረምት የሚወጣውንም ለጋ ቡቃያ ይመገበዋል።

እኛ በዚህ ሐተታ የምንመለከተው ሽመሉ ወደ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ከገባ በኋላ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚሆነውን ነው። አንድ ዘንግ ሽመል ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ተልጎ፣ ደርቆ ዕቃ እስኪሆን ድረስ ብዙው ክፍሉ ይቀራል። የቀረው ነገር በየጠረጴዛው ካልተጻፈ ግን፣ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ሀብት ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ነጥብ በምሳሌ ለማስረዳት አንድ ፋብሪካ በሐሳባችን አቁመናል። የሥራው ሂደትና የሽመሉ ጠባይ እውነተኛ ናቸው፤ የዋጋውና የብዛቱ ቁጥሮች ግን አንባቢ ሒሳቡን በቀላሉ እንዲከተል የመረጥናቸው ናቸው።

የሥራው ሂደትና የሥራ ትእዛዙ

ፋብሪካው የሚሠራው አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ለወንበርና ለአልጋ መደገፊያ የሚሆን ፍልጥ ነው። አንድ ዘንግ ሽመል መጀመሪያ በአንድ አንድ ሜትር ይቆረጥና አምስት ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ አራት ላይ ይፈለጣል። ስለዚህ ከአንድ ዘንግ 20 ጥሬ ፍልጥ ይገኛል። ከዚያም አንጓው ተጠርቦ ፍልጡ ይላጋል። የተላገው ነቀዝ እንዳይበላው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ይነከርና በጥላ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ እስኪደርቅ ይቆያል። በመጨረሻ ይለሰልሳል፣ ይመረጣል፣ ወደ መጋዘን ይገባል።

ሃያውም ፍልጥ ግን ወደ መጋዘን አይደርስም። በመላጊያው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ይሰበራሉ ወይም ይሳሳሉ። በመደርደሪያው ላይ አንዱ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። በማለስለሻው ላይ ደግሞ አንዱ ይወድቃል። ስለዚህ 20 ጥሬ ፍልጥ 18 የተላገ፣ 17 የደረቀ፣ 16 ያለቀ ፍልጥ ይሰጣል። ይህን መደበኛ መጠን እንለዋለን። መደበኛ መጠን ከመጽሐፍ የሚቀዳ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ በደህና ሽመልና በደህና መሣሪያ እየሠራ ቆጥሮ የሚያገኘው ነው።

ወጪውም እንዲሁ በደረጃ ይከፈላል። የአንድ ዘንግ ዋጋ 36 ብር ይሁን። ለመቁረጥ፣ ለመፈለጥና ለመላግ በአንድ ዘንግ ሌላ 36 ብር ይውጣ። 72 ብር ለ18 ፍልጥ ሲካፈል አንዱ የተላገ ፍልጥ 4 ብር ይሆናል። ለመንከር 9 ብር፣ ለማድረቅ 4 ብር ሲጨመር 85 ብር ይሆንና፣ ለ17 ሲካፈል አንዱ የደረቀ ፍልጥ 5 ብር ይደርሳል። ለማለስለስ 11 ብር ሲታከል 96 ብር ይሆናል፤ ይህም ለ16 ሲካፈል ያለቀው ፍልጥ 6 ብር ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ የተለመደው ብልሽት ዋጋ አስቀድሞ በደህናው ፍልጥ ዋጋ ውስጥ መግባቱን ነው።

እንግዲህ በሰኔ 1 ቀን አንድ የሥራ ትእዛዝ ተከፈተ እንበል። የሥራ ትእዛዝ ማለት ምን፣ ስንት፣ ከምን ያህል ጥሬ ዕቃና እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚያዝ፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ከመጋዘን የሚወጣው ዘንግም ሆነ በየጠረጴዛው የሚጻፈው ሥራ ሁሉ ያን ቁጥር ይይዛል። የእኛ ትእዛዝ 4,000 ያለቀ ፍልጥ ይጠይቃል። 4,000 ለ16 ሲካፈል 250 ዘንግ ያስፈልጋል ማለት ነው። መንገድ ላይም 4,500 የተላገና 4,250 የደረቀ ፍልጥ መታየት አለበት።

በመላጊያው ጠረጴዛ የታየው

የመጀመሪያዎቹ 250 ዘንጎች ተልገው ሲያልቁ የተገኘው ፍልጥ 4,292 ብቻ ሆነ። ከሚፈለገው 208 ጎደለ። ፎርማኑም ተጨማሪ 30 ዘንግ ከመጋዘን አስወጣ። በዚያ ጊዜ ይሠራበት ከነበረው ሽመል አንጻር 14 ዘንግ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ዳግመኛ እንዳይጎድልበት ሠግቶ ከእጥፍ በላይ ወሰደ። መጋዘን ጠባቂው ለዚህ 30 ዘንግ የተለየ የዕቃ ማውጫ ባይጽፍ ኖሮ፣ ወይም በመጀመሪያው ወረቀት ላይ 250 የሚለውን ሰርዞ 280 ቢያደርገው ኖሮ፣ ጉድለቱ በዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ተጨማሪ ማውጫ የሚጠቅመው በተለየ ቀለም ወረቀት ሲጻፍና ምክንያቱ አብሮ ሲሰፍር ነው።

በጠቅላላው 280 ዘንግ ወጥቶ 4,760 የተላገ ፍልጥ ተገኘ። በመደበኛው መጠን 280 ዘንግ 5,040 መስጠት ነበረበት። የጎደለው 280 ፍልጥ ነው። እያንዳንዱ በ4 ብር ሲታሰብ የውጤት ልዩነቱ 1,120 ብር ይሆናል። ከዚህ እኩሌታው የሽመሉ ዋጋ፣ እኩሌታው የባከነው ድካም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ፋብሪካ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ልዩነቱ የታየው በመላጊያው ጠረጴዛ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱ የላጊዎቹ ነው ተብሎ ይፈረዳል። በምሳሌያችንም ፎርማኑ ከላጊዎቹ ደመወዝ ሊቆርጥ አሰበ። ነገር ግን የዕለቱ ካርኔ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነበረው፤ እርሱም ሽመሉ በየትኛው ጊዜ እንደ ገባ የሚያመለክት ነው። ሽመሉ ወደ ፋብሪካው የመጣው በሁለት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ የገባው 180 ዘንግ 3,200 ፍልጥ ሰጠ፤ ከመደበኛው የጎደለው 40 ብቻ ነው። ሁለተኛ የገባው 100 ዘንግ ግን 1,560 ብቻ ሰጠ፤ ጉድለቱ 240 ነው። ሰዎቹ ያው ሰዎች፣ መላጊያውም ያው መላጊያ ነው። የተለወጠው ሽመሉ ነው። ስለዚህ ከ1,120 ብሩ 960ው የሚጠየቅበት ሽመሉን መርጦ የገዛው ሰው እንጂ ላጊው አይደለም።

ሁለተኛው ሽመል ምን ነበረው? ሽመል ለሥራ የሚደርሰው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠው ለጋ ነው፤ ሲላግ ይፋቃል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ለጋ መሆኑ የሚታወቀው ቆዳው ብሩህ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ዱቄት መሳይ ሲኖረውና በአንጓው ላይ ሽፋኑ ገና ሳይረግፍ ሲገኝ ነው። የደረሰው ቀለሙ ይደበዝዛል፤ በላዩም የሽበት መሳይ ነጠብጣብ ይታያል። ሁለተኛው ነገር የመቁረጫው ወቅት ነው። በአሶሳ ዝናቡ ግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዝናብ ጊዜ የተቆረጠ ሽመል ውኃው ብዙ ነው፤ ለነቀዝም ይመቻል። በበጋ፣ ከኅዳር በኋላ የተቆረጠው ይሻላል። እንግዲህ በገቢ ደረሰኙ ላይ የተቆረጠበት ወር ቢጻፍ ኖሮ፣ ልዩነቱ ከመምጣቱ በፊት መገመት ይቻል ነበር።

በመደርደሪያው የተሰወረው

እስካሁን የተናገርነው ብልሽት ቢያንስ በዓይን የታየና የተጻፈ ነው። የከፋው በማድረቂያው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። ሰኔ የዝናብ ወር ስለ ሆነ ፍልጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ መደርደሪያው ሞልቶ ይቆያል። ሰኔ 30 ቀን ደግሞ በአገራችን ብዙ ድርጅቶች የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጉበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ሒሳብ ያዡ ያላለቀውን ሥራ ገምቶ በመዝገብ ማስፈር አለበት።

የእኛ ሒሳብ ያዥ ካርኔዎቹን ሰበሰበ። ወደ መደርደሪያው የገባው 4,760፣ ደርቆ ወደ ማለስለሻ ያለፈው 3,570 መሆኑን አየ። ቀንሶም በመደርደሪያው ላይ 1,190 ፍልጥ አለ አለ። የተላገው ፍልጥ 4 ብር፣ መንከሪያው 50 ሳንቲም ስለ ሆነ፣ አንዱን በ4 ብር ከ50 ገመተውና 5,355 ብር ጻፈ። ማድረቁ ስላላለቀ የማድረቂያውን ወጪ ተወው፤ ግማሹን ቢጨምር እንኳ በአንድ ፍልጥ ከ12 ሳንቲም አይበልጥምና በዚህ አንነቅፈውም።

ስሕተቱ ያለው ከቁጥሩ ላይ ነው። የመደርደሪያው ሠራተኛ የሚጽፈው ደርቆ ያለፈውን ደህና ፍልጥ ብቻ ነበር። የተሰነጠቀውን፣ የተጣመመውንና ነቀዝ የበላውን እያነሣ ወደ ማገዶ ክምር ሲጥለው አይጽፍም። ካርኔው ለዚህ ዓምድ አልነበረውም፤ ሰውየውም ብዙ ብልሽት ቢጽፍ የሚወቀስ ስለ መሰለው አልጠየቀም። መደርደሪያው በእጅ ሲቆጠር የተገኘው 890 ፍልጥ ነው። 300 የለም። ያለው ዕቃ በ4 ብር ከ50 ሲታሰብ 4,005 ብር ብቻ ነው። የተቀረው 1,350 ብር በመዝገብ ላይ ሀብት ነው፤ በግቢው ግን አመድ ሆኗል።

ይህ የሚያስከትለውን እንመልከት። ያላለቀ ሥራ በብዛት ሲገመት የዚያ ዓመት ወጪ ያንሳል፤ ወጪው ሲያንስ ትርፉ ይበዛል። ፋብሪካው ባልነበረ ትርፍ ላይ ግብር ይከፍላል፤ ባለድርሻዎቹም ሊካፈሉት ይችላሉ። በሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን 1,350 ብሩ ጉድለት ሆኖ ይወጣል፤ ወቀሳውም በአዲሱ ዓመት ሠራተኞች ላይ ይወድቃል። አንድ ትእዛዝ ብቻ ቢሆን ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን ያልተጻፈ ብልሽት በየትእዛዙ ይደረባል፤ ትእዛዙም ከወረቀት ላይ ሳይዘጋ ይቆያል። ምልክቱም ይኸው ነው፤ ሥራው አልቆ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ጥቂት ፍልጥ በሥራ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የቆየ ትእዛዝ ከተገኘ፣ ያ ፍልጥ በአብዛኛው የትም የለም።

የጠፋው 300 እንዴት ይመዘገባል?

ጉድለቱ ሲታወቅ መላውን 1,350 ብር ኪሳራ ብሎ መጻፍም ትክክል አይደለም። አስቀድመን እንደ ተናገርነው፣ የተለመደው ብልሽት የደህናው ፍልጥ ዋጋ አካል ነው። 3,570 የደረቀ ፍልጥ ለማግኘት በመደበኛው መጠን 3,780 መግባት አለበት። ስለዚህ ከ300ው 210 የተለመደ ብልሽት ነው። ዋጋው 945 ብር ሲሆን፣ ይህ በ3,570ው ፍልጥ ላይ ይጫናል። እንዲያውም ሒሳብ ያዡ ይህን ባለማድረጉ የደረቀው ፍልጥ ከ5 ብር በታች የወጣ መስሎት ነበር፤ በዚህ ተታልሎ ለገዢ ዋጋ ቢያወርድ ኖሮ ጉዳቱ እጥፍ በሆነ።

የቀረው 90 ፍልጥ ከልክ ያለፈ ብልሽት ነው። ዋጋውም 405 ብር ነው። ይህ በዕቃው ዋጋ ላይ ሳይጨመር በዚያው ዓመት ወጪ ሆኖ ይጻፋል። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ደንብም ስለ ዕቃ ክምችት ሲናገር፣ ከልክ ያለፈ የጥሬ ዕቃና የጉልበት ብክነት በዕቃው ዋጋ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። አገራችንም ይህን ደንብ የተቀበለችው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 847 ነው። የደንቡ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ያለ ጥፋት የማይቀረውን ብክነት ዕቃው ይሸከመዋል፤ በጥፋት የመጣውን ግን የዚያ ዓመት ትርፍ ይሸከመዋል። በመላጊያው ጠረጴዛ ላይ ያየነው 1,120 ብርም በዚሁ ሚዛን ከልክ ያለፈ ነውና የሚጻፈው በወጪ ነው።

ማለስለሻውን በአጭሩ እንለፈው። 3,570 ገብቶ 3,360 ደህና ወጣ፤ 210 ወደቀ፤ ይህም ከመደበኛው ጋር ልክ ነው። በመደርደሪያው ላይ የቀረው 890 በደህና ቢያልቅ 791 ይሰጣል። በጠቅላላው 4,151 ይሆናል ማለት ነው። ትእዛዙ 4,000 ነበር። ትርፉ 151 ፍልጥ ፎርማኑ ሠግቶ ካወጣው 30 ዘንግ የመጣ ነው፤ ገዢ እስኪገኝለትም ድረስ ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል።

ጉድለቱን ቀድሞ ለማወቅ

ከላይ የታየው ሁሉ በአንድ እኩልታ ይጠቀለላል። በየጠረጴዛው የገባው ብዛት፣ ደህና ሆኖ የወጣው፣ የተበላሸውና ገና ያለው ተደምሮ ከሚሆነው ጋር እኩል መሆን አለበት። በመደርደሪያው 4,760 ከ3,570፣ ከ300ና ከ890 ድምር ጋር እኩል ነው። ከአራቱ ቁጥሮች ሦስቱን ብቻ ጽፎ አራተኛውን በመቀነስ ማግኘት ግን የስሕተቱ ሥር ነው። ተቀንሶ የተገኘ ቁጥር የሌሎቹን ስሕተት ሁሉ ይሸከማልና ራሱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የተበላሸው መጻፍ፣ ያለውም በእጅ መቆጠር አለበት፤ አራቱ ሲጋጠሙ ብቻ ካርኔው ይታመናል።

በሽመል ሥራ ላይ ይህ ቆጠራ በቁጥር እንጂ በሚዛን ባይሆን ይሻላል። ገና የተቆረጠ ሽመል ብዙ ውኃ ስለሚይዝ፣ መደርደሪያው ላይ ምንም ሳይሰበር ክብደቱ ይቀንሳል። በኪሎ የሚሠራ ፋብሪካ የውኃውን መድረቅ ከብልሽት ጋር ያደባልቀዋል፤ ወይም ብልሽቱን ደርቆ ነው እያለ ያልፈዋል። በሚዛን መሥራት ጉዳት የሌለበት ለፍቅፋቂው ነው፤ እርሱም ለማገዶ ተሸጦ ጥቂት ገንዘብ ካስገኘ ከትእዛዙ ወጪ ላይ ይቀነስለታል።

ሌላው ነገር ብልሽቱን በምክንያቱ መለየት ነው። አራት ምክንያት ይበቃል ብለን እናስባለን፤ እነርሱም ለጋ ሽመል፣ የመሣሪያ ስብራት፣ ስንጥቅና መጣመም፣ ነቀዝ ናቸው። ነቀዝ የገባበት ፍልጥ ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ያፈሳል፤ ይህ በመደርደሪያው ሥር ከታየ በላይ ያለው ፍልጥ ደህና ቢመስልም በሙሉ ዋጋው መገመት የለበትም። ምክንያቱ ከአራት በላይ ሲበዛ ግን ሠራተኛው ሁሉንም «ሌላ» በሚለው ዓምድ ይጽፈዋል፤ ያን ጊዜ ዓምዱ መኖሩ ዋጋ የለውም።

ይህ አሠራር ወሰን አለው። በየጠረጴዛው በየቀኑ መቁጠር የሰው ጊዜ ይፈጃል፤ አሥር ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ለቆጠራ ብቻ ሰው ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ በሁለት በር ላይ ብቻ መቁጠር ይበቃል፤ ከመላጊያው ሲወጣና ከመደርደሪያው ሲነሣ። ማለስለሻው ከመጋዘኑ ገቢ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። መደርደሪያውን በእጅ መቁጠር ግን ሰኔ 30ን መጠበቅ የለበትም፤ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ቢደረግ ጉድለቱ ሳይበዛ ይያዛል። መደበኛው መጠንም በበጋና በክረምት አንድ ሊሆን አይችልም። በጥር በተቆረጠ ሽመል የተገኘውን 16 በነሐሴ የተቆረጠው እንዲሰጥ ማዘዝ፣ ላጊውን ባልሠራው ጥፋት መክሰስ ነው።

መደምደሚያ

በምሳሌያችን የታየው የገንዘብ ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛው፣ 1,120 ብሩ፣ በመላጊያው ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ስለ ነበር ሥሩ ተገኘ፤ የላጊዎቹም ደመወዝ ከመቆረጥ ዳነ። ሁለተኛው፣ 1,350 ብሩ፣ ያልተጻፈ ስለ ነበር ሀብት መስሎ በመዝገብ ሰፈረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በካርኔ ላይ ያለ አንድ ዓምድና ያን ዓምድ ያለ ፍርሃት የሚሞላ አንድ ሰው ነው። የመደርደሪያው ሠራተኛ እውነቱን በጻፈ ቁጥር የሚወቀስ ከሆነ ዓምዱ ባዶውን ይቀራል፤ ሒሳብ ያዡም እንደገና ማገዶውን በብር ይገምታል።

ቁጥሮቻችን ለማስረጃ የተመረጡ ስለ ሆኑ፣ በሽመል ሥራ ላይ በእውነት የቆጠሩ መምህራንና ጓደኞቻችን ከ20 ጥሬ ፍልጥ የሚገኘውን በየወቅቱ መዝግበው ቢያርሙን ደስ ይለናል።